ሳቁ የተሰረዘበት ቀልድ

ባለቤቴ በዓመት አንድ ቀን ጋዜጣ ያወጣ ነበር። አንድ ገጽ ብቻ፤ ያውም በስልኩ የሚሠራው። አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ሳሎን መስኮት አጠገብ ይቀመጥና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ለብቻው እየሳቀ ይጽፋል። ስሙን «ዕለታዊ ቅጥፈት» ብሎታል። ከስሙ ሥር ቀን አለ፤ ሁልጊዜ ጳጉሜ ዘጠኝ ነው። ጳጉሜ አምስት ቀን፣ ቢበዛ ስድስት ቀን እንዳላት የማያውቅ ሰው በመካከላችን ስለሌለ፣ ገጹን የከፈተ ሁሉ ምን ሊያነብ እንደሆነ ገና ከአናቱ ያውቃል። «እኔ የምዋሸው በሩ ላይ ‹እዚህ ቤት ይዋሻል› ብዬ ለጥፌ ነው» ይለኝ ነበር።

ይህን ስጽፍ ካረፈ ዓመት አልፎታል። የምጽፈው ነገር የሆነው ግን በሰባተኛው ወር ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር እጽፍና ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ኦክላንድና ሳን ሆዜ ተበታትነን የምንኖር ሰዎች ሐዘንና ደስታ የምንነጋገርበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የመሠረተው ባለቤቴ ነበር። ልደት፣ ምርቃት፣ የሚከራይ ክፍል፣ የጠፋ የመኪና ቁልፍ፣ ቀልድ፣ ሁሉም እዚያው ይወጣል። አንድ ሕግ ብቻ አበጅቶለት ነበር፦ ሞት ከተነገረ እስከ ሦስተኛው ቀን ቀልድ የለም፤ ሳቅም የለም። ሕጉ ሲለመድ ደግሞ ሰዉ ከራሱ ጨመረበት። መርዶ ሲወጣ ጠዋት ሲስቅ የነበረ ሁሉ ተመልሶ የሳቁን ምልክት ያጠፋል። ማንም ሳያዝዘው ነው። ለቅሶ ቤት ሲገባ ኮፍያውን እንደሚያወልቅ ሰው።

እሱ ሲያርፍ ግሩፑን የተረከበችው አድሚን ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ ሴት ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ቁጥብ ናት፤ ስትናገርም እንደ ሥራዋ ጠብታ ጠብታ ነው። መጀመሪያ ላይ አልወደድኳትም ነበር። እውነቱን ለመናገር በእሱ ወንበር ማንም ቢቀመጥ አልወድም ነበር። ያ ቅዳሜ ነው ዓይኔን የገለጠው።

አርብ ጠዋት፣ ሳኒቬል የሚኖር አንድ ሹፌራችን አንድ ስክሪንሾት ግሩፑ ላይ ለጠፈ። የኩባንያ ሠራተኞችን በአውቶቡስ የሚያመላልስ፣ በመንገድ መጨናነቅ ያገኘውን ቀልድ ሁሉ የሚለጥፍልን ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ስክሪንሾቱ የአማርኛ ዜና ይመስላል። በትልልቅ ፊደል «ለቅሶ ቤት ፊት ከስድስት መኪና በላይ ለማቆም የከተማ ፈቃድ ግዴታ ሆነ» ይላል፤ ከሥሩ በመኪና የታጨቀ መንገድ ፎቶ አለ። ሹፌሩ ከሥዕሉ ሥር በእንባ የሚስቁ ፊቶች ደርድሮ «እንግዲህ በባስ ማልቀስ ነው» ብሎ ጽፎበት ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን ግሩፑን ስለማልከፍት ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

እኩለ ቀን ላይ መርዶ ወጣ። ሳን ሆዜ የምትኖር፣ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያን የምትንከባከብ አንዲት እህታችን እናቷ ደሴ አረፉ። የመኖሪያ ወረቀቷ ገና እየታየ ስለሆነ ከዚህ አገር ብትወጣ መመለሷ አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ መሄድ አትችልም። ቀብሩን በስልክ መስኮት ነው የምታየው። የቀራት ለቅሶ እኛው ነን፤ እዚህ፣ በሁለት ክፍል አፓርታማዋ የምንቀመጥላት። ሦስቱ ቀን ካለፈ እሷም ወደ ሥራዋ፣ ሰዉም ወደ ሥራው ነው።

ሹፌሩ መርዶውን እንዳየ አፈረ። ቶሎ ብሎ ጽሑፉንና የሚስቁትን ፊቶች ሰረዘ። ከሱ ጋር የሳቁትም ሳቃቸውን አነሡ። ሥዕሉን ግን ማንም አላነሣውም።

ቅዳሜ ከሰዓት አድሚናችን ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤቴ መጥታ ወሰደችኝ። እሱ ከተቀበረ ወዲህ ለቅሶ ቤት ገብቼ አላውቅም። እምቢ ልል ነበር። እሷ ግን ሞተሩን አጥፍታ ዝም ብላ ጠበቀችኝ፤ ከዚህ የተሻለ ልመና አላውቅም።

ስንደርስ ከግሩፑ የመጡት ሃያ ተጣጣፊ ወንበሮች ግድግዳ ታክከው ተዘርግተዋል። የተቀመጡት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም እዚያው ሕንጻ የሚኖሩ። ሐዘንተኛዋ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ከአርብ ጀምሮ አላለቀሰችም አሉኝ። ስታየኝ ብድግ ልትል ሞከረች፤ ያዝኳት።

«እትዬ፣ ሰዉን ምን አድርጌው ነው?» አለችኝ። «ያልደረስኩበት ለቅሶ አለ?»

የለም። የባለቤቴ ለቅሶ ላይ ሦስቱንም ቀን ኩሽና ቆማ ሳህን ያጠበችው እሷ ነበረች። 

አድሚናችን ወደ ኩሽና ገብታ ስልክ መደወል ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት። ከኤል ሴሪቶ አንድ ባልና ሚስት ሊመጡ ነበር፤ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ስትጠይቅ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፐርሚቱ ወጣ እንዴ?» አላት። የምን ፐርሚት ስትለው፣ ራስሽ አድሚን ሆነሽ በግሩፑ የወጣውን አላየሽም ወይ ብሎ ተገረመባት። ሌላዋ የባሏ ጉዳይ ኢሚግሬሽን ዘንድ ስላለ መኪናቸው ተጎትቶ ስማቸው ፖሊስ ዘንድ እንዲገባ እንደማትፈልግ ነገረቻት። ሦስተኛው የሐዘንተኛዋ ወረቀት ገና ስለሆነ እሷኑ ላለማስቀጣት ብሎ ቀርቷል። ይኼኛው ሰው ሌሎቹንም ደውሎ አስቀርቷቸዋል፤ ለሷ አስቦ።

አድሚናችን ግሩፑን ከፍታ ወደ ላይ ጎተተችው። እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁ። ከመርዶው በላይ ሥዕሉ ብቻውን ተቀምጧል። ሳቅ የለ፣ ጽሑፍ የለ። ከሥሩ ወዲያው «እናታቸው አርፈዋል፤ አድራሻው ይኸው» ይላል። ዘግይቶ ግሩፑን ለከፈተ ሰው ሁለቱ የተያያዙ ናቸው፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ መርዶ።

እኔ ብሆን በዚያ ቅጽበት «ውሸት ነው፣ ኑ» ብዬ እጽፍ ነበር። እሷ አልጻፈችም።

«ውሸት መሆኑን ገና አላውቅማ» አለችኝ።

እንዴት አታውቂም፣ ለለቅሶ ፈቃድ የሚጠይቅ አገር የት አለ አልኳት። እሷም ረጋ ብላ፣ እዚህ አገር ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ግቢ ውስጥ ድንኳን ለመትከል ይጠየቃል፣ በአንዳንድ ሰፈር መንገድ ላይ ለማቆምም ይጠየቃል አለችኝ። ሰዉ ሞኝ ስለሆነ አይደለም ያመነው። ሊሆን የሚችል ስለሚመስል ነው። ከዚያ የሥራ ቤቷን ነገር ነገረችኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ ስም ያልተለጠፈበት የደም ብልቃጥ ሲመጣ ቀለሙን አይቶ የእገሌ ይሆናል ብሎ የሚገምት የለም። ጤነኛ ደም ነው አይሉትም፣ የታመመ ነው አይሉትም። ወደ መጣበት ይመልሱትና ማን እንደቀዳው፣ ከማን እንደተቀዳ ይጠይቃሉ።

«ይኼም ስሙ የተላጠ ብልቃጥ ነው» አለች። «መጀመሪያ ማን ቀዳው?»

ከዚያ በኋላ የሠራችውን በቅደም ተከተል አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው እንዲህ ሲጠነቀቅ ደስ ይላል፣ እንደ ጥሩ ስፌት። ሥዕሉን አሰፋችው። «ከተማ» ይላል እንጂ የትኛው ከተማ እንደሆነ አይልም። እውነተኛ ዜና ቢሆን ኖሮ ሳን ሆዜ ወይ ኦክላንድ ይል ነበር አለች። ቀን የለውም። የጻፈው ሰው ስምም ሆነ የጋዜጣው ስም የለም። የላይኛው ጠርዝ ላይ የፊደል እግሮች ብቻ ይታያሉ፤ ከላያቸው አንድ ነገር ተቆርጧል። ከሥርም አንድ መስመር አጋማሹ ላይ ተቀንጥቧል። ርዕሱን ቃል በቃል ጽፋ ፈለገች፤ የትም የለም። እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ አንድ ድረ ገጽ ብቻ አያወራውም አለችኝ። ከዚያ የከተማውን የራሱን ገጽ ከፍታ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ የሚጠይቁትን መንገዶች ዝርዝር አነበበች፤ የሐዘንተኛዋ መንገድ የለበትም፤ ስለ ለቅሶም ሆነ ስለ መኪና ብዛት የተጻፈ ነገር የለም። ያም አልበቃት። ወርዳ መንገዱ ዳር የተተከለውን ምልክት አነበበች፤ ሕንጻውን የሚያስተዳድሩትን ሰውዬ በራቸውን አንኳኩታ ጠየቀች። ግቢው ውስጥ የእንግዳ መኪና ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆምም፤ መንገዱ ላይ ግን የፈለገው ያህል ይቁም አሏት።

ተመልሳ ስትመጣ፣ ከየት እንዳገኘው እንዲነግራት መልእክት የላከችለት ሹፌር ደወለላት። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«ቀልድ ነው እኮ፣ እህቴ» አለ። «ስለጥፈው ሳቅ ነበረበት። ሰው ሞተ ሲባል ነው ያጠፋሁት። በሬሳ ላይ ልሳቅ?»

«ሳቁን ማጥፋትህ ጨዋነት ነው።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ሥዕሉን ሳታነሣ መተውህ ነው። ሳቁ ነበር ቀልድ መሆኑን የሚናገርለት። እሱን ስታነሣበት ዜና ሆነ።»

 ከዚያ ወሬውን ከሳክራሜንቶ የአክስቱ ልጅ እንደላከለት፣ ያ የአክስቱ ልጅ ደግሞ ሥዕሉን አስፍቶ ስክሪንሾት ያደረገው እናቱ ፊደሉ ደቅቆባቸው ስለነበር እንደሆነ ነገራት። ለእናቱ ሲል አሰፋው፤ ሲሰፋ ዳርዳሩ ከመስታወቱ ወጣ። ቀሪውን ነው የላከው። እንግዲህ አንዱ ለእናቱ፣ አንዱ ለሟች ክብር፣ አንዱ ለሐዘንተኛዋ አስቦ፣ ሁሉም ከመልካም ልብ አንድ አንድ ነገር ቀንሰውለት፣ አንዲት ሴት እናቷን ብቻዋን እንድታለቅስ አደረጓት። ክፉ ሰው ብፈልግ አጣሁ።

«ክፋት የለበትም» አለች አድሚናችን ስልኩን ዘግታ። «ውጤቱ ግን የውሸት ነው። ቀልድ የሚሆነው አንባቢው ቀልድ መሆኑን የሚያውቅበት ነገር ሲኖረው ነው። ያልተቆረጠውን ዋናውን ባገኘው ጥሩ ነበር። ያለዚያ ‹ውሸት ነው› ብል፣ ሥዕሉ ‹እውነት ነው› ይላል፤ ቃል ለቃል ነው።»

በዚህ ጊዜ ነው ፎቶውን ደህና አድርጌ ያየሁት። በመኪና የታጨቀው መንገድ የእኛ መንገድ ነው። ሦስተኛዋ መኪና የእኛ ናት፤ የኋላ መብራቷ በቀይ ቴፕ የተለጠፈ። ያን ቴፕ የለጠፈው እሱ ነው። እኔ ነኝ መቀሱን ያቀበልኩት።

  ከዓመታት በፊት ቤታችን አጠገብ ለቅሶ ነበረ፤ ሰዉ መንገዱን ሞላው፤ አንድ ጎረቤት ስለ መኪናው ብዛት አጉረመረመ። በዚያ ዓመት የ«ዕለታዊ ቅጥፈት» ርዕስ እሱ ነበር። ሰዉ ሁሉ ስቆ ረሳው፤ እኔም ራሴ ረስቼው ነበር። እሱ አርፎ፣ ቀልዱ ግን ስሙን ጥሎ ሲዞር ኖሯል።

ነገርኳት። ደነገጠች፤ ግን ቶሎ አልተቀበለችኝም። እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ዋናው የት ሊገኝ እንደሚችል። ለእኔ ሳያሳይ ለማንም አይልክም ነበር፤ ስለዚህ እኔ ስልክ ውስጥ፣ የሁለታችን መልእክት መካከል አለ። ያን ገጽ ሰባት ወር አልከፈትኩትም። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ከሆስፒታል አልጋ የጻፋቸው ናቸው።

እንደማልችል ነገርኳት። አልገፋችኝም። ማድቤቱ ውስጥ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ ከሳሎን ምንም አይሰማም። ለቅሶ ቤት ሆኖ ምንም አይሰማም። ያ ዝምታ ነው ያሸነፈኝ።

«እትዬ፣ አንድ መላ አለ» አለችኝ። «ፎቶዎቹ ብቻ ተለይተው የሚወጡበት ገጽ አለ። የተጻጻፋችሁትን አያሳይም። እዚያ እከፍትልዎታለሁ፤ የሚያዩት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

እንዳለችውም ከፈተችልኝና ፊቷን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረች። በጣቴ እየገፋሁ ወደ ኋላ ሄድኩ። የሐይቁ ዳክዬዎች፣ የሠራው ሽሮ፣ የእኔ ጀርባ ሳላውቅ ያነሣው፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ዳክዬ፣ ዳክዬ። ከዚያ አገኘሁት። ሙሉ ነው። ከላይ «ዕለታዊ ቅጥፈት»፤ ከሥሩ «ጳጉሜ ዘጠኝ»። ርዕሱ። ፎቶው። ከግርጌውም ተቆርጦ የቀረው መስመር፦ «ጮክ ብለው ለማልቀስ የሚፈልጉ ተጨማሪ ቅጽ ይሞላሉ፤ እዬዬ የሚሉ በሁለት ቅጂ።»

ሳቅሁ። በለቅሶ ቤት፣ በሁለተኛው ቀን፣ የገዛ ሕጉን ጥሼ። አድሚናችን ዞረች፤ እያለቀስኩ መሆኑንም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ሰዉ የሚፈልገው መጀመሪያ ሥዕሉን ሳይሆን መልሱን ነው ብላ እሱን አስቀደመች፦ ለቅሶ ለመድረስ ፈቃድ አያስፈልግም፤ መኪናችሁን መንገዱ ላይ አቁሙ፤ ግቢው ውስጥ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አታቁሙ፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ቀጥሎ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አደረገች፤ ሙሉውንና የተቆረጠውን። በተቆረጠው ላይ ግን ከጥግ እስከ ጥግ «ቀልድ ነው፤ ሕግ አይደለም» ብላ በቀይ ጻፈችበት፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ስሙን ልጦ እንዳይልከው። ሹፌሩን ራሱ ለላከላቸው ሁሉ እንዲያርም ጠየቀችው። «እኔ ውሸታም ልባል ነው?» ሲላት፣ ከሱ የሰሙት የሚያምኑት እሱን ስለሆነ እሷ ብትናገር ግማሹ አይሰማም አለችው። አረመ። ማንበብ ለሚቸግራቸው አዛውንቶች ደግሞ አንድ በአንድ ደወለች። ለግሩፑም በባለቤቴ ሕግ ሥር አንድ መስመር ጨመረች፤ አስፈቅዳኝ፦ «መርዶ ሲወጣ ሳቁን ብቻ ሳይሆን ቀልዱንም አብራችሁ አንሡ።»

መልእክቱን ከመላኳ በፊት ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የባለቤቴን ስም ሳትጠቅስ ልትጽፍ ስትል ቆም አለች።

«‹የድሮ ቀልድ ነው› ብዬ ልለፈው?» አለችኝ። «ሰው ክፉ እንዳይናገርባቸው።»

አሰብኩበት። የሞተ ሰው ራሱን አይከላከልም። ነገር ግን እሱ በሕይወቱ አንድም ቀን ስሙን ደብቆ ቀልዶ አያውቅም። ስሙን ብንደብቅበት እኛም እንደ ሌሎቹ አንድ ነገር ቀነስንበት ማለት ነው።

«ባለቤቴ የሠራው ነው በይ» አልኳት። «እንድትስቁ እንጂ እንድትፈሩ አይደለም በይ።»

እሑድ ሦስተኛው ቀን ነበር። መኪናው መንገዱን ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ዞረ። ሹፌሩ ቀድሞ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ለሚመጣው ሁሉ «ፈቃድ አይጠየቅም፣ ግቡ» ይላል፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አያነሣም። ሃያው ወንበር አልበቃም፤ ሰው ኮሪደር ላይ ቆመ። የኤል ሴሪቶዎቹ መጡ። ያ በስልክ ሰው ሲያስቀር የነበረውም መጥቶ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ማንም ምንም አላለውም።

ሐዘንተኛዋ ነገሩን ሁሉ ሰምታ ኖሮ ሙሉውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ስልኩን ሰጠኋት። አንዳንዱ ሰው ተቆጥቶኝ ነበር መሰለኝ። ከላይ ጀምራ አነበበች፤ ጳጉሜ ዘጠኝ ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እስከ ግርጌው ወረደች። ከዚያ ቀና ብላ ክፍሉን፣ ሰዉን ሁሉ አየችው።

«እንግዲህ ቅጹን ሳልሞላ ነው» አለች፣ እና ከአርብ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎረቤት ሳትፈራ፣ ድምፅ አውጥታ እናቷን ጠራች።